ለባልደረባችን «ጨርሶ ይማርዎት» ልንል ነው፤ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

የቧንቧው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

እኛ የውሃ መስመር ጥገና ቡድን ነን። አንጋፋው ባልደረባችን ሰሞኑን የሆድ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጥተው ሆስፒታል ተኝተዋል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው። ሥራውን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ሌሊት ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱ ሲጥለቀለቅ የከተማው ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለጋሼ ነው።

በቡድናችን ገጽ ላይ የሚወጣውን የመልካም ምኞት መልእክት እንድጽፍ ተመድቤያለሁ። የጻፍኩት ይኼ ነው። የበሽታውንና የሆስፒታሉን ስም እዚህ በነጥብ ተክቼዋለሁ፤ ዋናው ላይ ግን አለ።

«ውድ ባልደረባችን ጋሼ ባደረባቸው የ… ሕመም ምክንያት በ… ሆስፒታል ከባድ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው በአሁኑ ሰዓት በሕክምና ላይ ይገኛሉ። መላው የቡድኑ አባላት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን፣ ፈጣሪ ምሕረቱን እንዲያወርድላቸው እንመኛለን። ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ሥራው አልሆነልንም፤ ቶሎ ተነሥተው ይምጡልን።»

ፎቶም አለን። ልንጠይቃቸው የሄድን ዕለት አልጋቸውን ከበን የተነሣነው ነው። አጭርና ሞቅ ያለ ነገር ነበር የፈለግሁት፤ ይኼ ግን ደረቀብኝ። እስኪ እዩልኝ።

---

የመሐል ሜዳው

እግዚአብሔር ይማራቸው። ለጥየቃ ከሆነ እንግዲህ ጾሙ ስለሆነ ወተትና ቅቤ ያለበት ነገር ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የጾም አጥሚት በቴርሞስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሆድ ይስማማል። ብርቱካንም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ዳቦ አስደፉ።

---

የቧንቧው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ጥየቃውን ሄደናል፣ ደግመንም እንሄዳለን። የኔ ጥያቄ በገጻችን ላይ ስለሚወጣው ጽሑፍ ነው።

---

ሲስተር ከዋርድ

ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። የጽሑፉን አማርኛ የሚያውቁ ይምከሩህ፤ እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅህ።

አንደኛ፣ የበሽታው ስም እንዲወጣ ጋሼ ራሳቸው ፈቅደዋል? እናንተ እንደ ቤተሰብ ስለሆናችሁ ነግረዋችሁ ይሆናል። ለእናንተ ነገሩ ማለት ግን ለከተማው ነገሩ ማለት አይደለም። የሆድና ከሆድ በታች ሕመም ብዙ ወንዶች ከወንድማቸው እንኳ የሚደብቁት ነገር ነው። በኋላ ቀበሌ ሲሄዱ፣ ማኅበር ሲገቡ፣ ሰው ሁሉ ያንን እያሰበ ያያቸዋል።

ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሰምቷል ወይ? ሁሉም ነው የምልህ።

---

የቧንቧው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ስለ ፈቃድ አልጠየቅናቸውም። ቤተሰቡን በተመለከተ፣ ልጆቻቸው ሁሉ ያውቃሉ። እናታቸው ግን አንኮበር በኩል ገጠር ነው ያሉት። በጣም ስላረጁ፣ ጋሼ ከሆስፒታል ሲወጡ እንነግራቸዋለን ተብሎ ነው የቆየው። እሳቸው ስልክም የላቸው፣ አያዩትም ብዬ ነው።

---

ሲስተር ከዋርድ

እናትየው ባያዩት የጎረቤት ልጅ ያየዋል። አሁን ገጠሩም ስልክ ይዟል። ልጁ «እማማ፣ ጋሼ ሆስፒታል ገቡ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃቸው እኒያ እናት ምን ይሆናሉ? ልጃቸው በሰላም መውጣቱን የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው የለም። «የተደበቅሁት የከፋ ነገር ቢኖር ነው» ብለው ነው የሚያስቡት። በጥቁር ልብስ የመጡ እናት አይቻለሁ፣ ልጃቸው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሾርባ እየጠጣ።

ስለዚህ እናትየው በልጆቻቸው አፍ እስኪሰሙ ይቆይ። አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ መልእክቱ አይበላሽም።

---

የቀበሌ ሰው

ሲስተር ያሉት ልክ ነው፣ ግን ሌላም ጎን አለው። ጋሼ የታወቁ ሰው ናቸው። ምን እንደሆኑ ካልተጻፈ ሰው የራሱን ይፈጥራል። «ካንሰር ነው አሉ» ይባላል። እኔ በሽታው በግልጽ ይጻፍ እላለሁ፤ ወሬን የሚገድለው እውነት ነው።

---

ሲስተር ከዋርድ

ወሬውን በተመለከተ እውነትዎን ነው፣ ይፈጠራል። ነገር ግን የበሽታውን ስም መጻፍ አያስቆመውም፤ «አይ፣ ሌላ ነገር ደብቀው ነው» ይባላል። ሰው ማወቅ የሚፈልገው ተርፏል ወይስ አልተረፈም የሚለውን ነው። «ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቋል፣ እያገገሙ ነው» ከተባለ ያ ተመልሷል። ከዚያ የቀረውን ጋሼ ሲፈልጉ ይናገሩት።

---

የደብረ ሲናው አርታዒ

ኮሙኒኬሽን ላይ ስሠራ የሐዘን መግለጫም የደስታ መግለጫም በእጄ አልፏል። ጽሑፍህ የደረቀብህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

አጀማመሩ የመርዶ ነው። «ባደረባቸው ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ…» ሲል አንባቢ ቀጥሎ የሚጠብቀው «ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» የሚለውን ነው። ሬዲዮ ላይ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ጋሼን የሚወድ ሰው ያንን መስመር አንብቦ ቀጣዩ ላይ እስኪደርስ ልቡ ትቆማለች። «ጥልቅ ሐዘን» የሚለውም ለቀብር ነው። ተርፈው እያገገሙ ላሉ ሰው ሐዘን አይገለጽም።

ምሥራቹን አስቀድመው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «በሰላም ጨርሰው እያገገሙ ነው» የሚለውን ይያዝ። ስልኩን ገረፍ አድርጎ የሚያልፍ ሰው መጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያነበው።

ሌላው፣ ስለ ጋሼ ለሌላ ሰው ጀምረህ መጨረሻ ላይ ወደ ጋሼ ዞረሃል። ለማን እንደምትናገር ወስን። አንድ መስመር ለአንባቢው ይበቃል፤ ከዚያ በቀጥታ ለእሳቸው ንገራቸው። ሙቀቱ የሚመጣው እዚያ ነው። «መላው የቡድኑ አባላት»ን ደግሞ ተወው። ቤት ውስጥ እንደዚያ ብላችሁ ታወራላችሁ?

---

ወይዘሮ ከሸዋ ሮቢት

እኔን ያስጨነቀኝ «ያለ እርስዎ ሥራው አልሆነልንም፤ ቶሎ ይምጡልን» የሚለው ነው። በፍቅር እንደተጻፈ አውቃለሁ። ግን ልንገራችሁ።

እኔ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ተኝቼ ሳለ ከሥራ ቦታ ልክ እንዲህ ያለ መልእክት ደረሰኝ። «ዴስክሽ ባዶ ሆኖብናል፣ ሥራው ተከምሯል፣ ቶሎ ነይልን» ይላል። አንብቤ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ከዚያ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐኪሙ ከሰጠኝ ፈቃድ ቀድሜ ገባሁ። ማንም ሂጂ አላለኝም፤ መልእክቱ ነው የገፋኝ። የፋይል ካርቶን ሳነሣ ስፌቱ አካባቢ አንድ ነገር ጠቅ አደረገኝ። ከጊዜ በኋላ ቦታው ማበጥ ጀመረ። ስተኛ ይጠፋል፣ ስቆም ይመጣል። በመጨረሻ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ገባሁ።

የእናንተ ጋሼ ደግሞ የሚያነሡት ፋይል አይደለም። የብረት ቧንቧ ነው!

---

ሲስተር ከዋርድ

እኅቴ፣ የገለጽሽው በደንብ የምናውቀው ነገር ነው። ላዩ ቆዳ ቶሎ ይገጥማል። ክሩ ሲወጣ ሰው የዳነ ይመስለዋል። ከሥር ያለው የሆድ ግድግዳ ግን ገና ነው። ከባድ ነገር ሲነሣ ሆድ ውስጥ ግፊት ይጨምርና ያልጠነከረው ቦታ ይከፈታል፤ አንጀት በዚያ በኩል ይገፋል። ስተኛ ይጠፋል፣ ስቆም ይመጣል ያልሽው ምልክቱ ነው።

እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነት ይለያያል። ሆድ ለተከፈተ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ነገር አታንሣ ይባላል። አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይቆያል። ቀኑን የሚወስነው የቀደደው ሐኪም ነው። ስለዚህ መልእክቱ ውስጥ «በዚህ ሳምንት እንጠብቅዎታለን»፣ «ለፋሲካ ሥራ ላይ እንገናኝ» የሚል ቀን እንዳይገባ።

---

የመሐል ሜዳው

እንግዲያው «ወር ሙሉ ከአልጋዎ እንዳይነሡ» ብላችሁ ጻፉላቸዋ። አባቴ ሲታከም ጎረቤቱ ሁሉ ተኛ፣ አትነቃነቅ ነው ያለው።

---

ሲስተር ከዋርድ

እሱንስ አይሁን። ከባድ ነገር አለማንሣትና ተኝቶ መዋል የተለያዩ ናቸው። ሐኪሙ ካልከለከለ በስተቀር በማግሥቱ፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን፣ ተደግፈው እንዲነሡና ጥቂት እንዲራመዱ እናደርጋለን። ተኝቶ የሚውል ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋበት ይችላል። አክታው ሳምባው ውስጥ ይቀርና ሌላ ሕመም ያመጣል። አንጀቱም ቶሎ አይነቃም። አባትዎን ያስተኙት አስበውላቸው ነው፣ አይፈረድባቸውም።

የአጥሚቱን ምክርዎን ግን ወድጄዋለሁ። መብላት ከተፈቀደላቸው ተልባም ይጨመርበት፤ ውሃም በደንብ ይጠጡ። የሕመም ማስታገሻው ሆድ ያደርቃል። ስፌት ያለበት ሰው ሲያምጥ ደግሞ ያ ግፊት ይመጣል።

---

ባጃጅ 16

ለመሆኑ የምን ቀዶ ጥገና ነው? የኔም አጎት ሐሞት ጠጠር ነበረው፤ እሱ ከሆነ ቀላል ነው።

---

የቧንቧው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ይቅርታ ወንድሜ፣ እሱን አልናገርም። ለአጎትህ ጤና ይስጥልኝ።

የሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። «ቶሎ ይምጡልን» ከወጣ ግን ምን እንበላቸው? መናፈቃችን እውነት ነው። የጎደሉብን መሆኑን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

---

ወይዘሮ ከሸዋ ሮቢት

ሥራው መሸፈኑን ንገራቸው። እንደሳቸው ያለ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ የሚያስበው «ማን ወጣ? ማን ተረኛ ነው?» እያለ ነው። ተረኝነታቸውን ማን እንደያዘው፣ ዕቃቸው የት እንዳለ ብትነግሯቸው ያርፋሉ። እኔ ያኔ አንድ ሰው «ደብዳቤዎቹን እኔ ይዣቸዋለሁ» ቢለኝ ኖሮ እተኛ ነበር።

---

የደብረ ሲናው አርታዒ

ይኼ ጥሩ ነው። «እናፍቅዎታለን» የሚለው ቃል በማንኛውም ሰው ገጽ ላይ ይገኛል። የጋሼን መፍቻ ማን እንደያዘው የምታውቁት ግን እናንተ ብቻ ናችሁ።

---

የመስመር ሰው

እኔም በመስክ ሥራ ላይ ያለሁ ነኝ፣ በኤሌክትሪክ በኩል። አንድ ነገር ረሳችሁ። ስልካቸውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል ብለሃል። ገጻችሁን የሚከታተለው ደግሞ ያው ደንበኛ ነው። መልእክቱን ሲያይ ግማሹ «እንዴት ሆኑ?» ሊል ይደውላል። ግማሹ ደግሞ ሳያይ «ጋሼ፣ ቧንቧ ፈንድቷል» ሊል ይደውላል። የኛ ሰው ታሞ ሳለ ስልኩን ሚስቱ ደበቀችበት፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳይቀር ይጮህ ነበር።

መልእክቱ ውስጥ የተረኛውን ስልክ አስገቡ። በቢሮው ቁጥር ይሁን፤ የማንንም የግል ቁጥር፣ የልጆቻቸውንም ጭምር፣ አታውጡ።

---

ሲስተር ከዋርድ

ይኼ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጥባቸዋል። እንቅልፍ ነው የሚያድናቸው።

ስለ ፎቶውም ልበል። አልጋ ላይ ያለው አይውጣ። ዋርድ ውስጥ የተነሣ ፎቶ ላይ ከኋላ ሌላ በሽተኛ ይታያል። የራስጌው ካርድ ላይ ስም አለ። እጃቸው ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል፣ ፊታቸው ጠውልጓል። የሆስፒታል ጋውን የለበሰ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ገላው ሊታይ ይችላል። ያንን ምስል ዕድሜ ልካቸውን ሰው ያስቀምጠዋል። ቦቲ ጫማቸውን አድርገው ሥራ ላይ የተነሡት አይጠፋም።

---

የቀበሌ ሰው

ፎቶ ጨርሶ ባይኖር ይሻላል ባይ ነኝ። እዚህ አካባቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። የታመመ ሰው ፎቶ ሲለጠፍ ሌላ ሰው ወስዶ «ወገን እንርዳው» ብሎ የራሱን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይጽፍበታል። ቤተሰቡ ሳያውቅ ብር ይሰበሰባል።

---

የደብረ ሲናው አርታዒ

ልክ ነዎት፣ ያ አለ። ለዚያ ደግሞ ከሥር የሚጻፈውን አስተያየት ነቅቶ የሚያይ ሰው መመደብ ነው። አካውንት ቁጥር ሲጻፍ ወዲያው ይጥፋ። «ምን ሆነው ነው?» የሚል ሲመጣ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጥ፦ «እያገገሙ ነው፣ ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን»፤ አበቃ። መድኃኒት የሚያዝም አይጠፋም። «ስፌቱ ላይ ማር ይቀቡ» የሚለውን ያለ ክርክር አንሡት። የእናንተን የቡድን መዋጮ ደግሞ በፖስታ በእጃቸው ስጡ፤ ገጽ ላይ አይወራ።

ፎቶውን በተመለከተ ግን አልስማማም። ሥራ ላይ ያለ ፎቶ ሰውን በክብሩ ያሳያል።

---

እህተ ሚካኤል

ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን «ፈጣሪ» የሚለው ለኔ ቀዘቀዘብኝ። እንደ አገራችን «እመቤቴ ትማርዎት»፣ «እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርዎት» ይባል እንጂ። ጋሼ ክርስቲያን ከሆኑ ምን ያስፈራል?

---

ሰዒድ ዘአርጎባ

የእኅታችንን ቃል አከብራለሁ። በእኛ ቢሮ ግን ሁለታችንም አለን። አንድ ሙስሊም ወንድማችን ሲታከም «አላህ አፊያውን ይስጥህ» ብለን የጻፍነው ክርስቲያን ጓደኞቹ ናቸው። ለታማሚው የሚስማማውን ማለት ነው። መልእክቱ የሁላችሁም ስለሆነ ግን «ጨርሶ ይማርዎት» ብቻ ቢባል ሁላችንም አሜን እንልበታለን፤ የሚምረው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

---

የቧንቧው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ተባረኩ። አሁን ያለበትን ልንገራችሁ።

ትልቋ ልጃቸው ጋ ደወልኩ። አያቷ ዘንድ ታናሽ ወንድሟ ሄዶ በአፉ ነግሯቸዋል። ከጋሼ ጋርም በስልክ አገናኝቷቸዋል። አሁን የሚደበቅ የለም። ከዚያ አዲሱን ጽሑፍ ላኩላት፤ እሷ ለጋሼ አነበበችላቸው። ይኼ ነው፦

«ጋሼ ቀዶ ጥገናቸውን በሰላም ጨርሰው እያገገሙ ነው። ተመስገን!

ጋሼ፣ ተረኝነትዎን ተካፍለነዋል። መፍቻዎ ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ የቫልቮቹም ቁልፍ በእጃችን ነው። እርስዎ ሐኪሙ የሚልዎትን ብቻ ይስሙ፤ ከኋላ እኛ አለን።

ደንበኞቻችን፣ ቧንቧ ሲፈነዳ በቢሮው የተረኛ ስልክ ይደውሉልን። የጋሼ ስልክ ለጊዜው ይረፍ።

ጨርሶ ይማርዎት።

የጥገና ቡድን ልጆችዎ»

ጋሼ ሰምተው ሳቁ አሉ። ስፌቱን እያመማቸው ትራስ ሆዳቸው ላይ ይዘው ነው የሳቁት። ፎቶውን እሳቸው መረጡ፤ ምንጩ ጋ ከሁላችንም ጋር የተነሣነውን። ከዚያ ለልጃቸው አንድ ነገር ጻፊልኝ ብለው ላኩብኝ፦ «ከታች ሰፈር መታጠፊያው ላይ ያለው ቫልቭ እንደ ሌሎቹ አይደለም፣ በግራ ነው የሚዘጋው። ልጆቹ በቀኝ እየታገሉ አንገቱን እንዳይሰብሩት።» ይኼን መልእክቱ ላይ ላስገባው ወይ?

---

የመስመር ሰው

አታስገባው፣ ለሕዝብ የሚሆን አይደለም። ዛሬውኑ ለቡድኑ አባላት ንገር። ቫልቩ ላይም በቀለም ቀስት ሥራበት። ከዚያ ቀስቱን ፎቶ አንሥተህ ለጋሼ ላክላቸው።

---

ሲስተር ከዋርድ

ትራሱን የሚያሳዩዋቸው እኛ ነን፤ ሲያስሉም እንዲሁ ይያዙት። ደግማችሁ ስትሄዱ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ ጉንፋን የያዘው ይቅር፣ አልጋው ላይም አትቀመጡ። ቁስሉ እየቀላ፣ እየሞቀ፣ ፈሳሽ እያወጣ ከሆነ ወይም ትኩሳት ካላቸው ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ። ይኼን ለልጃቸው ንገራት።

---

እህተ ሚካኤል

ጽሑፉ አምሯል። እኔ አሁንም «እግዚአብሔር» ቢጨመር እላለሁ። እግዚአብሔር ጨርሶ ይማራቸው።

---

ደብል ሺፍት

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥያቄ አለኝ። በእኛ ክፍል ያለች ልጅ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ወጥታለች። ምንም እንዳይጻፍ ብላለች። አለቃችን ግን «ለሌሎቹ ጽፈን ለእሷ ብንተው ቅር ይላታል» ይላል። ምን ይሻላል?

---

ወይዘሮ ከሸዋ ሮቢት

እምቢ ካለች እምቢ ነው። ካርድ ላይ ሁላችሁም በእጃችሁ ጻፉና አንድ የምትቀርባት ሴት ቤቷ ታድርስላት። አለቃችሁ ከከበደው በግሉ ይደውልላት፤ ስትመለስም ሰው ፊት «ተሻለሽ ወይ?» እንዳይላት ንገሩት።